«ብድርህን ቶሎ ዝጋ» የሚሉህ ሰዎች ውልህን አላነበቡም

ሰሞኑን ቲክቶኩም ፌስቡኩም በአንድ ምክር ተጥለቅልቋል። «ብድር ያለባችሁ ሰዎች፣ ትንሽ ገንዘብ ስታገኙ ቀድማችሁ ዝጉ፣ ወለዱ ይቀርላችኋል» ይላል። ሺህ ላይክ፣ ሺህ ሼር። ከስር ደግሞ «እግዜር ይስጥልን»፣ «ጀዛከላህ» ይዘንባል። አንድም ሰው ግን «ስንት ነው የሚቀርልኝ?» ብሎ ሲጠይቅ አላየሁም። እኔ ደግሞ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ቁጥር የሌለው ምክር ያናድደኛል።

ዕዳ መክፈል መጥፎ ነው አላልኩም። የምለው፣ ቀድሞ መክፈል ወለድ የሚያስቀረው ውሉ ወለዱን በምን ላይ እንደሚያሰላ፣ ቅጣቱን ደግሞ በምን ላይ እንደሚጥል ከታወቀ በኋላ ነው። አንዳንዱ ሰው ቀድሞ በመክፈሉ ደህና ብር ያተርፋል። አንዳንዱ ምንም አያገኝም። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ይከስራል። ሦስቱንም ዘንድሮ እዚሁ ድሬ ውስጥ አይቻለሁ።

መጀመሪያ የአንድ የድሮ ተማሪዬን ነገር ላንሳ (ፈቅዶልኛል፣ ስሙን ግን አልጠራም)። ባጃጅ ለመግዛት 120,000 ብር ተበድሯል፣ ለ36 ወር። አበዳሪው ማን እንደሆነም አልናገርም፤ ጉዳዬ ከአንድ ድርጅት ጋር አይደለም። «ወለዱ 10 በመቶ ብቻ ነው» ብለውታል። በወር 4,333 ብር ይከፍላል። አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳያሳልፍ ከፈለ። ከዚያ እቁቡ ደረሰውና 100,000 ብር እጁ ገባ። የባጃጁ ሊብሬ በዋስትና ተይዟልና መገላገል ፈለገ። ሄዶ «ልዝጋው፣ ስንት ነው?» አለ። «104,000 ብር» አሉት።

«ቲቸር፣ 100 ሺህ አለኝ፣ 4 ሺህ አበድረኝና ልገላገል» ብሎ ነው የደወለልኝ። እኔም ውሉን ይዘህ ና አልኩት። ቀፊራ አካባቢ ሻይ ቤት ተቀምጠን በስልክ ካልኩሌተር አሰላነው።

104,000 ማለት 4,333 ሲባዛ በ24 ነው። ማለትም የቀሩትን 24 ክፍያዎች በሙሉ፣ ገና ያልደረሰባቸውን የሁለት ዓመት ወለድ ጨምሮ፣ ዛሬ አምጣ ነው ያሉት። ቀድሞ በመክፈሉ የሚቀርለት ወለድ ዜሮ ብር ነው። አንዲት ሳንቲም የለችም። ምክንያታቸው «ወለዱ መጀመሪያ ላይ ተሰልቶ ተደምሯል» የሚል ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ስለሆነ። ወለድ የሚሰላበት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሰዎቹ «ፍላት» የሚሉት ነው። መጀመሪያ በተበደርከው ብር ላይ ለሙሉው ዘመን ይሰላል። 120,000 በ10 በመቶ በዓመት 12,000፣ በሦስት ዓመት 36,000። ተደምሮ 156,000፣ ለ36 ሲካፈል 4,333። ሁለተኛው «ዲክላይኒንግ» የሚሉት፣ እየቀነሰ በሚሄደው ቀሪ ዕዳ ላይ የሚሰላው ነው። ዕዳህ ሲቀንስ ወለዱም አብሮ ይቀንሳል።

ልዩነቱ የት ላይ እንደሚያም ልንገራችሁ። ተማሪዬ ሁለት ዓመት ከከፈለ በኋላ ከተበደረው ውስጥ እጁ ላይ የሚቀረው 40,000 ብር ብቻ ነው። ሦስተኛው ዓመት ላይ ግን አሁንም በወር 1,000 ብር ወለድ ይከፍላል፤ በ120,000 ላይ። መልሶ ባስረከበው ብር ላይ ወለድ ይከፍላል ማለት ነው። ስለዚህ ያ «10 በመቶ ብቻ» የተባለው በቀሪ ዕዳ ከሚሰላ ብድር ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው? 120,000 ብርን ለ36 ወር በዓመት 18 በመቶ በቀሪ ዕዳ ላይ ብትበደሩ የወር ክፍያችሁ 4,338 ብር ይሆናል። የአምስት ብር ልዩነት! 10 የተባለው 18 ገደማ ነው። አንዱ ባንክ «18 በመቶ» ሲል ሰው ይደነግጣል፣ ሌላው «10» ሲል ሰው ይሰለፋል፤ ሁለቱም የሚወስዱት ብር ግን እኩል ነው።

አሁን እነዚህን ሁለት ብድሮች ጎን ለጎን እናስቀምጥና ሁለቱም ሰዎች ከ12 ወር በኋላ ይዝጉ። በወር እኩል ሲከፍሉ የኖሩ ናቸው። የፍላቱ ልጅ 104,000 ይጠየቃል። የቀሪ ዕዳው ሰውዬ 86,898 ብር ይጠየቃል። በአንድ ቃል ምክንያት የ17,000 ብር ልዩነት። ቲክቶክ ላይ «ቶሎ ዝጉ» የሚለው ልጅ የትኛውን ሰው ነው የሚመክረው? አልጠየቀም።

ተማሪዬን ያልኩት «አትክፈል» ነው። ቁጭ ብዬም አሳየሁት። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም መጀመሪያ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል። በዚያ 7 በመቶ እንኳ 97,000 ብር ገደማ ቁጠባ ላይ ቢያስቀምጥና በየወሩ 4,333 እያወጣ ቢከፍል፣ 24ቱንም ክፍያ ይጨርስለታል። 104,000 ዛሬ ቆጥሮ መስጠት ማለት ያንን 7,000 ብር ለአበዳሪው በስጦታ መስጠት ነው። ያውም 4,000 ብር ከእኔ ተበድሮ! ሊብሬው ቶሎ እንዲለቀቅለት 7,000 ብር የሚያወጣ ምክንያት ካለው ይክፈል፤ ለምሳሌ ባጃጁን ሸጦ ሌላ ሊገዛ ካሰበ። ወለድ ለማስቀረት ከሆነ ግን የሚቀር ወለድ የለም።

ወደ ሁለተኛው ልምጣ፤ የቀሪ ዕዳው። እዚህ ቀድሞ መክፈል በእርግጥ ያተርፋል፣ ግን ሰው የሚያስበውን ያህል አይደለም። ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው፦ «ጠቅላላ ወለዱ 36,000 ነው፣ ሦስት ዓመት ነው፣ ሁለት ዓመት ስከፍል ሲሶው ይቀርልኛል፣ 12,000 ብር»። ስህተት! በዚህ ዓይነት ብድር ወለዱ ፊት ለፊት ነው የሚከመረው፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ ዕዳው ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ወር ወለድ 120,000 ሲባዛ በ0.015፣ 1,800 ብር ነው። ከከፈልከው 4,338 ውስጥ ዋናውን ብድር የሚቀንሰው 2,538 ብቻ ነው። ሁለተኛው ወር ወለዱ ወደ 1,762 ይወርዳል። እንዲህ እያለ ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ብቻ 18,957 ብር ወለድ ከፍለህ ጨርሰሃል፤ ከጠቅላላው 36,178 ከግማሽ በላይ። የተከፈለ ወለድ ደግሞ አይመለስም።

ስለዚህ 12 ወር ላይ ስትዘጋ የሚቀርልህ 17,221 ብር ነው። ደህና ብር ነው፣ አልካድኩም። 24 ወር ላይ ስትዘጋ የሚቀርልህ ግን 12,000 ሳይሆን 4,740 ብር ነው። 30 ወር ላይ ስትዘጋ 1,314 ብር። ይህንን ኮምፒውተር ያለው ሰው በኤክሴል በሁለት መስመር ያገኘዋል። የመጀመሪያው የወር ክፍያውን፣ ሁለተኛው 24 ወር ሲቀረው ያለውን ቀሪ ዕዳ ይሰጣል፦

```
=PMT(0.015,36,-120000)
=PV(0.015,24,-4338.29)
```

የሚቀርልህ ወለድ ማለት የቀሩት ክፍያዎች ድምር ሲቀነስ ያ ቀሪ ዕዳ ነው። ሌላ ምንም ምስጢር የለውም። አሥራ አንደኛ ክፍል ያስተማርኳችሁ ልጆች «ይሄ ነገር ምን ይጠቅመናል?» ትሉኝ ነበር አይደል? ይኸው።

አሁን ቅጣቱን እናምጣ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደመወዙን አስይዞ የወሰደው ብድር ልክ ከላይ እንዳሰላሁት ዓይነት ነው። ውሉ ላይ «ተበዳሪው ብድሩን ከጊዜው አስቀድሞ ሲከፍል 3 በመቶ ይከፍላል» ይላል። የምን 3 በመቶ? ይህንን ጥያቄ ሳትጠይቁ እንዳትፈርሙ። ከቀሪው ዕዳ ከሆነ 12 ወር ላይ 2,607 ብር ነው፤ ከ17,221 ሲቀነስ አሁንም 14,600 ብር አካባቢ ይተርፍሃል። 24 ወር ላይ ቅጣቱ 1,420 ይሆናል፣ 3,320 ይተርፍሃል። እሺ፣ ያስኬዳል። መጀመሪያ ከተፈቀደው ብድር ከሆነ ግን ቅጣቱ ሁልጊዜ 3,600 ብር ነው፤ ዕዳህ ቀነሰ አልቀነሰ ግድ የለውም። 24 ወር ላይ የምታተርፈው 1,140 ብር ብቻ ነው። 30 ወር ላይ ደግሞ 1,314 ብር ወለድ ለማስቀረት 3,600 ብር ትቀጣለህ። 2,286 ብር ከስረህ «እፎይ ተገላገልኩ» ትላለህ።

ባልደረባዬ 30ኛው ወር ላይ ነበር። የሱ ውል «ከተፈቀደው የብድር መጠን» ነው የሚለው። ሊዘጋ ገንዘቡን አዘጋጅቶ ነበር፤ ስድስት ወር ታገስና በየወሩ ክፈል አልኩት። አንዳንድ ውል ደግሞ መቶኛ አይጽፍም፣ «የሦስት ወር ወለድ» ይላል። ያኔ የምትጠይቁት «የየትኞቹ ሦስት ወራት?» ብላችሁ ነው። 12 ወር ላይ የዚያን ወር ወለድ በሦስት ብናባዛው 3,910 ብር ነው፤ በመጀመሪያው ወር ወለድ ከሆነ 5,400።

እዚህ ላይ አንድ የባንክ ሠራተኛ ወዳጄ ይከራከረኛል። «አበዳሪው ገንዘቡን ከአስቀማጭ ነው ያመጣው፣ ለአስቀማጩ ወለድ ይከፍላል፣ አንተ በድንገት መጥተህ ስትዘጋ ያ ገንዘብ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፣ ቅጣቱ ለዚያ ነው» ይላል። ግማሹን እቀበላለሁ። ገንዘቡን ለሌላ ሰው እስኪያበድሩት ድረስ ላለችው ጊዜ ትንሽ ክፍያ መጠየቅ ያለ ነው። ነገር ግን ሥራ የሚፈታው ያስረከብኩት ብር ነው፣ 24,716 ብር። ቀድሞ በከፈልኩት 95,000 ብር ላይ ምን ቤት ነኝ ብሎ ነው 3 በመቶ የሚጥልብኝ? ከቀሪው ዕዳ ላይ የሚቆረጥ ቅጣት ምክንያት አለው። ከመጀመሪያው ብድር ላይ የሚቆረጥ ቅጣት ግን በር መዝጊያ ነው። ወዳጄ ለዚህኛው መልስ የለውም፤ «ፖሊሲ ነው» ይላል።

ሙሉውን መዝጋት ለማይችል፣ ግን ደህና ብር ላገኘ ሰው ሌላ ወጥመድ አለ። ያ ሰው 12 ወር ላይ ተጨማሪ 40,000 ብር አገኘ እንበል። ባንክ ሄዶ ሒሳቡ ውስጥ አስገባና «ብድሬን ቀነስኩ» ብሎ ወጣ። አልቀነሰም! ብዙ ጊዜ ሲስተሙ የሚያደርገው በየወሩ 4,338 እየቆረጠ መቀጠል ነው። 40,000ው የዘጠኝ ወር ክፍያ ሆኖ እዚያው ተቀምጧል፤ ዕዳው ላይ ወለዱ እንደ ድሮው ይቆጠራል። ገንዘቡ ዋናውን ብድር እንዲቀንስ በጽሑፍ ማመልከት አለባችሁ፤ «ከዋናው ብድር ላይ ይቀነስልኝ» የሚል ቃል ያለበት ማመልከቻ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም የተደረገበት።

ከተቀነሰ በኋላም ሌላ ምርጫ ይመጣል። የወር ክፍያው ይቀንስ ወይስ ዘመኑ ይጠር? ክፍያው 4,338 ሆኖ ከቀጠለ ዕዳው በ24 ፈንታ በ12 ወር ያልቃል፣ የሚቀርለትም ወለድ 12,564 ብር ነው። ዘመኑ 24 ወር ሆኖ ከቀጠለ የወር ክፍያው ወደ 2,341 ይወርዳል፣ የሚቀርለት ወለድ ግን 7,927 ነው። በአንድ ዓይነት 40,000 ብር ይኼን ያህል ልዩነት። የብድር ኦፊሰሩ ብዙውን ጊዜ ሳይጠይቅ ሁለተኛውን ያደርግልሃል፣ አንተም ክፍያው ስለቀነሰ ደስ ብሎህ ትወጣለህ። የቤት ኪራይ የጨመረበት ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ግን መርጦ ይሁን።

«ብር እየረከሰ ነው፣ ዕዳ ማቆየት ነው የሚያዋጣው» የምትሉም እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በተለይ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ይህ ክርክር አያልቅም። እውነት አለው። በ2014 ዓ.ም የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በዚያ ጊዜ በ18 በመቶ የተበደረ ሰው ዕዳው እየቀለለው ነው የሄደው። ግን ይህ የሚሠራው ያላችሁን ብር ዋጋው በሚጨምር ነገር ላይ ካዋላችሁት ነው። 87,000 ብሩን ሒሳብ ውስጥ በ7 በመቶ አስቀምጦ በ18 በመቶ ዕዳ እየከፈለ «ብር እየረከሰ ስለሆነ ነው» የሚል ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚከስረው። በተጨማሪም ብዙ ውሎች አበዳሪው የወለድ ምጣኔውን በፈለገ ጊዜ መቀየር እንደሚችል ይጽፋሉ። ዛሬ 18 ያለው ነገ 20 ሊል ይችላል። እንዲህ ዓይነት አንቀጽ ያለው ውል ላይ የፈረመ ሰው ቢያንስ «ምጣኔው ሲጨምር ያለ ቅጣት የመዝጋት መብት አለኝ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።

ከወለድ ነፃ አገልግሎት የምትጠቀሙ ወዳጆቼም አትርሱ። ሙራባሃ ላይ ወለድ የለም፣ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ነው የሚሸጥላችሁ፣ ዋጋውም ቁርጥ ነው። ስለዚህ ቀድሞ በመክፈል የሚቀር ነገር በራሱ የለም። ቅናሽ ከተደረገ በባንኩ ፈቃድ ነው። ልማዳቸው ምን እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ታዲያ የእኔ ጠብ ከማን ጋር ነው? ከሰንጠረዡ ጋር ነው። ስትበደሩ የሚሰጧችሁ የአከፋፈል ሰንጠረዥ አራት ዓምድ አለው፦ የወሩ ክፍያ፣ ወለዱ፣ ዋናው፣ ቀሪው። አንዳንዱ ያንን እንኳ አይሰጥም፣ ክፍያውንና ቀኑን ብቻ ያትማል። አምስተኛ ዓምድ ይጨመርበት ነው የምለው፦ «በዚህ ወር ቢዘጋ የሚከፈለው ጠቅላላ ብር፣ ቅጣቱን ጨምሮ»። ኮምፒውተሩ በአንድ ሰከንድ የሚያወጣው ቁጥር ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አለ፤ መንፈሱም ተበዳሪው ከመፈረሙ በፊት የሚከፍለውን በግልጽ ይወቅ የሚል ነው። አምስተኛው ዓምድ ከዚያ መንፈስ አያልፍም። ያ ዓምድ ቢኖር ኖሮ ተማሪዬ 12ኛው ወር ትይዩ 104,000 የሚለውን ያነበው ሲፈርም ነበር። ምናልባትም ሌላ ቦታ ይሄድ ነበር። ዓምዱ የሌለውም ለዚሁ ይመስለኛል።

እስከዚያው ራሳችሁ ጠይቁ። አሁን ብድር ያላችሁ ሰዎች ሂዱና «በዚህ ቀን ብዘጋ ስንት ነው?» ብላችሁ መልሱን በወረቀት አስጽፉ፤ በቃል የተነገራችሁ ቁጥር ቁጥር አይደለም። ቀኑን አስጽፉ፣ ምክንያቱም ወለድ በቀን ይቆጠራል። በ86,898 ብር ላይ 18 በመቶ ለ365 ሲካፈል በቀን 43 ብር ገደማ ነው፤ ማክሰኞ የተሰጣችሁ ቁጥር አርብ ላይ አይሠራም። ከከፈላችሁ በኋላ ደግሞ ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ ሳትይዙ እንዳትወጡ። ደመወዝ ላይ የሚቆረጥባችሁ ከሆነ ያንን ደብዳቤ በራሳችሁ እጅ ለመሥሪያ ቤታችሁ ፋይናንስ አድርሱ፤ ካልደረሰው መቁረጡን ይቀጥላል፣ ለማስመለስ ደግሞ ወር ትመላለሳላችሁ።

ተማሪዬ አልከፈለም። 100,000ውን ቁጠባ አስገብቶ ክፍያውን ከዚያ እያስቆረጠ ነው። ውሉን ደጋግመን ስናነበው «በዓመት 10 በመቶ ወለድ» ይላል እንጂ «በመጀመሪያው ብድር ላይ» የሚል ቃል የትም አላገኘንም። «ተበዳሪው ከጊዜው በፊት መክፈል ይችላል» ይላል፤ ያልደረሰውን ወለድ ይከፍላል ግን አይልም። ስለዚህ ያልደረሰው ወለድ ተቀንሶ የመዝጊያው ሒሳብ በጽሑፍ እንዲሰጠው የሚጠይቅ ማመልከቻ አብረን ጽፈን ሐሙስ ዕለት አስገብቷል፤ ቅጂው ላይ ማኅተም አስደርጓል። መልሱ ሲመጣ እዚሁ እጽፈዋለሁ። እናንተም ቀድሞ ስለመክፈል የሚያወራውን የውላችሁን ገጽ ስማችሁንና የድርጅቱን ስም ሸፍናችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ቁጭ ብዬ አሰላላችኋለሁ። ሻይ የምትጋብዙ ከሆነ ከዚራ ጥላው ስር እገኛለሁ።